የመዘግየት ቅጣት አልገጥም ሲል፦ ያቺ አንድ ቀን ከየት መጣች?

ሁለት ሰው ያንኑ ቅጣት አስልቶ ሁለት ዓይነት ቁጥር ሲያመጣ፣ ጭቅጭቁ ከመጀመሩ በፊት ልዩነቱን ያዙ። ከዚያ ለአንድ ቀን ቅጣት አካፍሉት። ልክ 1 ከመጣ ችግሩ ያለው ቀን አቆጣጠሩ ላይ ነው፤ ምጣኔውን አትነካኩት። አንዱ ቁጥር የሌላው 100 እጥፍ ከሆነ ደግሞ አንደኛው 0.05% ለማለት 0.05 ብሎ ጽፏል። መጻፍ የነበረበት 0.0005 ነው። ይኼኛው ስህተት ግዙፍ ስለሆነ ወዲያው ይያዛል። የምታስቸግረው ያቺ አንድ ቀን ናት። ትንሽ ስለሆነች ማንም ልብ አይላትም፤ ከፋዩ ራሱ ቁጭ ብሎ እስኪቆጥር ድረስ።

ቅጣቱ በአንድ ቀን ይበልጣል

ውሉ «ከመክፈያው ቀን ማግስት ጀምሮ እስከተከፈለበት ቀን ድረስ» ይላል እንበል። የመክፈያው ቀን ማርች 10 ነው፤ ብሩ የገባው ማርች 25። ቅጣት የሚታሰብባት የመጀመሪያዋ ቀን 11 ናት፣ የመጨረሻዋ 25። 15 ቀን ማለት ነው። ከ25 ላይ 10 መቀነስ ብቻ ነው፤ ሌላ ጣጣ የለውም።

ታዲያ 16 ከየት ይመጣል? አንዳንዱ ገና ከ10 ጀምሮ በጣቱ ይቆጥራል። ሌላው ደግሞ «የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ቀን ስለሚቆጠር 1 ይጨመራል» የሚል ነገር የሆነ ቦታ ሰምቷል። ሕጉ እውነት ነው፤ ግን የሚሠራው ከ11 ተነስታችሁ ስትቀንሱ ነው። 25 ሲቀነስ 11፣ 14፤ 1 ሲጨመር 15። ከ10 ላይ ተነስታችሁ ከሆነ ማግስቱን አንዴ አስገብታችሁታል፤ 1 ስትጨምሩ ቀነ ገደቡንም ቀጣችሁት ማለት ነው። በቀነ ገደቡ ቀን ደግሞ ሰውየው ገና አልዘገየም።

የኤክሴል ፎርሙላችሁን ለመፈተሽ ሁለት ቀን ብቻ ስጡት። በመክፈያው ቀን የተከፈለ ብር 0 ቅጣት ማምጣት አለበት። በማግስቱ የተከፈለ የ1 ቀን። የመጀመሪያው 1 ካመጣ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፤ `+1` የምትለዋን ፈልጋችሁ አጥፏት።

ውሉ የተከፈለበት ቀን አይቆጠርም የሚል ከሆነ ግን መልሱ 14 ነው። ስለዚህ «ድረስ» የሚለው ቃል የክፍያውን ቀን ይጨምር አይጨምር ውሉ ላይ ይለይ። ይኼን ሳያዩ ፎርሙላ መጻፍ የሚወዱ ሰዎች ናቸው ሥራ የሚያበዙብን።

`+1` የለም፣ አሁንም አንድ ቀን ይበልጣል

ሴሉ ላይ የሚታየው 25/03 ብቻ ነው። ሴሉን ተጭናችሁ ከላይ ያለውን የፎርሙላ መስመር እዩት፤ 25/03 15:30 ሊል ይችላል። ክፍያ የሚመዘግቡ ሲስተሞች ቀኑን ከነሰዓቱ ያወጣሉ። ለኤክሴል ሰዓት የቀን ክፋይ ስለሆነ ቅናሹ 15 ሳይሆን 15.6458 ይመጣል። አንዱ «ሙሉ ቀን ይሁን» ብሎ `ROUNDUP` ካደረገበት 16 ሆነ። የሚገርመው፣ ሲስተሙ ሰዓት መላክ ከመጀመሩ በፊት ያው ፋይል በትክክል ይሠራ ነበር፤ ስለዚህ ሁሉም ሰው «ፎርሙላውን ማንም አልነካውም» ብሎ ይምላል። እውነቱን ነው። የተለወጠው የሚገባው ዳታ ነው።

መፍትሄው ሰዓቱን መቁረጥ ነው፦

```
=MAX(0, INT(B2)-INT(A2)) * C2 * D2
```

A2 የመክፈያው ቀን፣ B2 የተከፈለበት፣ C2 ቀሪ ዕዳ፣ D2 የቀን ምጣኔ። `MAX` ያለው አስቀድሞ ለከፈለ ሰው ቅጣቱ ከዜሮ በታች እንዳይወርድ ነው። ያለሱ ቀድሞ የከፈለው ሰው የሌላውን ቅጣት ከጠቅላላ ድምሩ ላይ ይበላዋል፣ ማንም ሳያውቅ።

ዕዳው በከፊል ተከፍሏል፣ ልዩነቱም ሙሉ ቀን አይመጣም

አሁን ዋናው ጋ ደረስን። ጠረጴዛዬ ላይ ከሚመጡት ሙግቶች አብዛኞቹ እዚህ ያርፋሉ።

ዕዳው 40,000 ብር ነው፣ የቀን ምጣኔው 0.05%፣ የመክፈያው ቀን ማርች 10። ማርች 25 ላይ 15,000 ገባ፤ በስምምነቱ ከዋናው ዕዳ ላይ ተቀነሰ። ቀሪው 25,000 የገባው አፕሪል 14 ነው።

የመጀመሪያው ክፍል ከ11 እስከ 25 ነው፤ 15 ቀን፣ በቀን 20 ብር፣ 300 ብር። ሁለተኛው ከማርች 26 እስከ አፕሪል 14 ነው፤ 20 ቀን፣ በቀን 12.50፣ 250 ብር። ጠቅላላ 550።

ከማዶ ግን 582.50 የሚል ወረቀት ይመጣል። ልዩነቱ 32.50 ነው። ለ20 ብታካፍሉት 1.625፣ ለ12.50 ብታካፍሉት 2.6። ሙሉ ቀን አይወጣም። እዚህ ላይ ሰው ምጣኔውን መጠራጠር ይጀምርና ግማሽ ቀን ያቃጥላል። 20ን እና 12.50ን ደምሩ፤ 32.50። በየክፍሉ አንድ አንድ ቀን ተጨምሯል ማለት ነው። የመጀመሪያው ክፍል ማርች 10ን ቀጥቷል። ሁለተኛው ደግሞ ማርች 25ን በድጋሚ ቆጥሯል፤ ያቺ ቀን በ40,000ው ላይ አንዴ ተቆጥራ አልቃ ነበር። ከፋዩ አራት ጊዜ እየቆራረጠ ቢከፍል አራት ትርፍ ቀን ይጫንበታል። ቶሎ ቶሎ ትንሽ ትንሽ የሚከፍለው ሰው የበለጠ ይቀጣል፣ አያድርስ ነው።

ማጣሪያው ቀላል ነው። የክፍሎቹን ቀናት ደምሩ፤ 15 እና 20፣ 35። ከዚያ ሁሉንም ትታችሁ ከማርች 10 እስከ አፕሪል 14 ቀንሱ፤ ይኼም 35 መሆን አለበት። ካልገጠመ ብሩን አታስሉ፣ መጀመሪያ ቀኖቹን አስተካክሉ። እያንዳንዱ ክፍል የሚጀምረው ባለፈው ክፍያ ማግስት ነው።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ከላይ ባለው ምሳሌ 34 ቀን ከመጣላችሁ አንዱ `DAYS360` ተጠቅሟል፤ እሱ ወሩን ሁሉ 30 ቀን ያደርገዋል። `NETWORKDAYS` ደግሞ ቅዳሜና እሁድን ይዘላል፣ ሁለቱንም ጫፍም ይቆጥራል። ውሉ የሥራ ቀን ካላለ አትንኩት።

የመክፈያው ቀን በዓል ላይ ውሎ ውሉ ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን የሚያሻግረው ከሆነ፣ ማግስቱ የሚቆጠረው ከተሻገረው ቀን ነው። በመሃል ያሉ በዓላት ግን አይዘለሉም።

ቀኑ ወደ ሴሉ ግራ ጠርዝ ከተጠጋ ጽሑፍ ሆኖ ገብቷል ብላችሁ ጠርጥሩ። ቀንና ወሩ የተገላበጠበት ደግሞ ምንም ምልክት አያሳይም፤ 04/03 ማርች 4 ይሁን አፕሪል 3 የላከውን ሰው ጠይቁ።

ሳንቲም ሳንቲም የሚለያይ ከሆነ አንዱ በየቀኑ እያጠጋጋ ነው። በ0.05% ምጣኔ 1,990 ብር ላይ የቀኑ ቅጣት 0.995 ነው። በየቀኑ ወደ 1 ካጠጋጋችሁት በ60 ቀን 60 ብር ይሆናል፤ መሆን ያለበት 59.70 ነው። ማጠጋጋት መጨረሻ ላይ፣ አንዴ ብቻ።