ዝምተኛ ሰው ዎርክሾፕ ሲሄድ የሚሠራቸው ስህተቶች

የእህቴ ልጅ ሲዳማ ውስጥ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ላይ የጥራት ሠራተኛ ናት። ሐዋሳ ላይ የቡና አቅራቢዎችና ላኪዎች የግማሽ ቀን ስብሰባ ነበረና አለቃዋ "አንቺ ሂጂ፣ ከሰው ተዋወቂ" አላት። ማታውኑ ደወለችልኝ። "አክስቴ፣ እኔ እኮ ሰው መሃል ስቆም ምላሴ ይተሳሰራል። ሄጄ ምን ልሠራ ነው?"

ለእኔ የደወለችው አለነገር አይደለም። እኔም እንደሷው ነኝ። አንድ ጊዜ አንድ ትልቅ ስብሰባ ላይ የሻይ ዕረፍቱን ሙሉ ሽንት ቤት ውስጥ ስልክ ስነካካ አሳልፌ፣ ስወጣ አስተናጋጁ "አሞሽ ነው እንዴ?" ብሎኛል። ስለዚህ ምክር ከምሰጣት የራሴን ስህተቶች አንድ በአንድ ነገርኳት።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር እንለይ። ዓይን አፋርነት ሌላ፣ ቁጥብነት ሌላ ነው። ዓይን አፋር ሰው ምን ይሉኛል ብሎ ይፈራል። ቁጥብ ሰው ላይፈራ ይችላል፤ ጨዋታው ግን ቻርጁን ይጨርስበታል። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙም አይቻለሁ። ቻርጅ የሚያልቅበት ሰው ማሰብ ያለበት ያለውን የት እንደሚያወጣው ነው።

"ዛሬ ከሰው እተዋወቃለሁ" ብሎ መውጣት

ይህ ግብ አይባልም። ከስንት ሰው? ከማን? ስለምን? መቼ እንደተሳካ ስለማይታወቅ ሰውየው ቀኑን ሙሉ ዕዳ እንዳለበት ሆኖ ይውላል። "አሥር ስልክ ቁጥር ይዤ እመለሳለሁ" የሚለውም አይሻልም። ቁጥር መስጠት አለመስጠት የሌላው ሰው ፈንታ ነው፤ በዚያ ላይ ቁጥር ለቀማ የገባ ሰው ሲያወራ ያስታውቃል።

ልጅቷን "ሥራሽ ላይ አሁን የሚያበሳጭሽ ምንድን ነው?" አልኳት። ወዲያው መጣላት። እነሱ እርጥበቱን 11 በመቶ ብለው የጫኑትን ቡና ገዢው መጋዘን ሲደርስ 12 ከግማሽ ነው ይባላል። ጭቅጭቁ በየጭነቱ ነው፤ መለኪያው የነሱ ይሳሳት የገዢው አይታወቅም። በቃ፣ ጥያቄው ተገኘ። ግቡ እንዲህ ሆነ፦ ለሁለት ሰው፣ አንዱ ከሌላ ማጠቢያ ጣቢያ፣ አንዱ ከላኪ ድርጅት የመጣ፣ "የእናንተ የእርጥበት መለኪያ ከገዢው ጋር ይስማማል? የት ነው የምታስመረምሩት?" ብሎ መጠየቅ። መልስ ባያውቁም ጠይቃለችና ግቡ ተሳክቷል።

ጥያቄው ለምን ይሠራል ቢባል፣ ሰውየው በሁለት ደቂቃ ሊመልሰው የሚችል፣ ስለ ራሱ ሥራ የሆነ፣ እሷም የምር የምትፈልገው ስለሆነ ነው። ዝምተኛ ሰው ወሬ ለመፍጠር ሲባል የሚፈጠር ወሬ አይሆንለትም፤ የሚፈልገውን ነገር ሲጠይቅ ግን ዓይኑ ራሱ ይለወጣል። "ሁለቱን ከጨረስሽ በኋላ ጥግ ይዘሽ ብትቀመጪ መብትሽ ነው" አልኳት። የሳቀችው እዚህ ላይ ነው።

ሰው እንዳያናግረኝ ብሎ አርፍዶ መግባት

ለዓመታት ያደረግሁት ነው። ፕሮግራሙ 2:30 ምዝገባ ካለ እኔ 3:15 ላይ ሹልክ ብዬ እገባለሁ። ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው። በዚያ ሰዓት ሰው ሁሉ ተቧድኖ፣ ጠረጴዛው ተይዞ፣ ወንበር ፍለጋ ስዞር አዳራሹ በሙሉ ያየኛል። 2:25 ላይ የደረሰ ሰው የሚያገኘው አምስት ወይም ስድስት ሰው ነው፤ አብዛኛው ብቻውን የቆመ። መዝገብ ላይ ሲፈረም፣ ባጅ ሲፈለግ፣ ወሬው ራሱ ይመጣል፦ "ከየት ነው የመጡት? መንገዱ እንዴት ነበር?" የመክፈቻ ንግግሩ በሰዓቱ እንደማይጀመር ሁላችንም ስለምናውቅ ጊዜው አለ።

አብረው ከመጡት ጋር መጣበቅ

ይህ የዝምተኞች ብቻ በሽታ አይደለም። ፖል ኢንግራምና ማይክል ሞሪስ የተባሉ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ የሥራ ሰዎችን አንድ ግብዣ ላይ ኤሌክትሮኒክ ባጅ አሥረውላቸው ማን ከማን ጋር እንደሚያወራ ተከታትለው ነበር። ሰዎቹ ከግብዣው በፊት አዲስ ሰው መተዋወቅ እንፈልጋለን ብለዋል። ባጁ የመዘገበው ግን ግማሽ ያህሉን ጊዜ ከሚያውቁት ሰው ጋር ማሳለፋቸውን ነው። እነዚያ ደግሞ ለጨዋታ የማያንሱ የንግድ ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ ከሥራ ባልደረባ ጋር የመጣ ሰው ገና ከመግባቱ በፊት "ሻይ ላይ እንለያይ፣ ምሳ ላይ እንገናኝ" ብሎ ቢነጋገር ቅያሜ አይኖርም። ሳይነጋገሩ መራቅ ነው "ምን አድርጌው ነው?" የሚያሰኘው።

የት መቆም እንዳለባት ግን ልጅቷ አጥብቃ ጠየቀችኝ። እግር ተመልከቺ አልኳት። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተያይተው ጫማቸው ከተጋጠመ የራሳቸው ጉዳይ አላቸው፣ ይለፉ። ሦስት ሆነው በመሃል ክፍት ቦታ ካለ፣ ወይም እግራቸው ወደ ውጭ የዞረ ከሆነ፣ "እንደምን አደራችሁ" ብሎ መቆም ይቻላል። በእኛ ዘንድ ሰላምታ አቅርቦ የመጣን ሰው ፊት የሚነሳው ጥቂት ነው። ሳህንና ብርጭቆ በሁለት እጅ መያዝ ግን አይመከርም፤ አንዱ እጅ ለመጨባበጥ ባዶ ይሁን። ሳምቡሳ የበላና እጁ ዘይት የሆነ ሰው ደግሞ የእጁን አንጓ ይዘረጋል፤ ይሄ እንዲያውም ሳቅ አምጥቶ ወሬ ይከፍታል።

ከሁሉ የሚሻለው ቦታ ግን የቡናው ጥግ ነው። እንዲህ ባሉ ስብሰባዎች ላይ ብዙ ጊዜ ሣር ተጎዝጉዞ፣ ረከቦት ተዘርግቶ ጀበና ቡና ይፈላል። ቆሞ ከሚያወራው መንጋ ይልቅ እዚያ በርጩማ ላይ የተቀመጡት ሦስት ወይም አራት ሰዎች ናቸው። ዓይን የሚያርፍበት ነገር አለ፦ ፍሙ፣ ጭሱ፣ ሲኒው። ዝም ቢባል ዝምታው አያሳፍርም፤ ቡና እየተጠበቀ ነዋ። አቦሉ እስኪቀዳ ድረስ የጎረቤት ሰው ራሱ ይጀምራል። ልጅቷም የመጀመሪያ ሰዋን ያገኘችው እዚያ ነው፤ ከሌላ ወረዳ ማጠቢያ ጣቢያ የመጣች ሴት፣ እንደሷው ጥግ ፈልጋ የተቀመጠች። የሴትየዋም ጣቢያ ተመሳሳይ ጭቅጭቅ ነበረበት። መፍትሔ አልነበራትም፤ ቢሆንም ብቻዬን አይደለሁም ማለት ቀላል ነገር አይደለም።

ጨዋታውን መቋጨት አለማወቅ

እኔ ከሁሉ በላይ የተሠቃየሁበት ይሄ ነው። መጀመርስ በሰላምታ ይጀመራል፤ መውጫው ነው የሚጠፋው። የውሸት ስልክ ጆሮዬ ላይ አድርጌ "ሃሎ? እ... መጣሁ" ብዬ የሄድኩበት ጊዜ አለ፤ ስልኩ ጆሮዬ ላይ እንዳለ የምር ጮኸ። ከዚያ ወዲህ ያንን ዘዴ ለማንም አልመክርም።

የሚገርመው፣ አነጋጋሪያችንም መውጫ እየፈለገ ሊሆን ይችላል። አዳም ማስትሮያኒና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት፣ ሁለቱም ሰዎች በፈለጉት ሰዓት ያበቃው ጭውውት 2 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበር። እያንዳንዱ የሌላውን ፍላጎት ስለማያውቅ፣ አንዱ ሊሄድ እየፈለገ ይቆያል፣ ሌላው ሊቆይ እየፈለገ ይለቃል። ጥናቱ የተደረገው አሜሪካ ነው፤ እኛ ጋ ይሉኝታ ሲጨመርበት የሚሻል አይመስለኝም።

አማርኛ ግን ለዚህ የተዘጋጀ ቃል አለው፦ "ተጫወቱ"። የሚሄደው ሰው ለሚቀሩት የሚለው ነው፤ ጨዋታው በእኔ ምክንያት አይቋረጥ ማለት ነው። ምክንያት አይጠይቅም፣ ውሸትም የለበትም። ቡድን ውስጥ ከሆኑ ይበቃል። አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ግን ሰውየውን ብቻውን አቁሞ "ተጫወት" ማለት ስለማይሆን፣ ከእሱ ወሬ አንዷን ነገር አንስቶ መቋጨት ነው፦ "ስለ መለኪያው የነገሩኝን ነገ ጣቢያ ላይ እሞክረዋለሁ። አላቆይዎት፣ ስላገኘሁዎት ደስ ብሎኛል።" "አላቆይዎት" መውጫውን ለሁለቱም ይከፍታል።

ልጅቷ ሁለተኛውን ሰው ያገኘችው የምሳ ቡፌ ሰልፍ ላይ ነው፤ ሸምገል ያሉ፣ የላኪ ድርጅት ጥራት ኃላፊ። ጠየቀቻቸው። "ሁለታችሁም ልክ ነን ብላችሁ ትከራከራላችሁ እንጂ አንድ ናሙና ሁለቱም መለኪያ ላይ አስገብታችሁ ታውቃላችሁ?" አሏት። ለካ ማንም አላደረገውም። አየር በማያስገባ ላስቲክ ታሽጎ ቢመጣላቸው በራሳቸው እንደሚለኩላት ነገሯት። አምስት ደቂቃ ቢሞላ ነው። "ጋሼ፣ ምሳዎ ቀዘቀዘ፣ አላቆይዎት" ብላ ቁጥራቸውን ይዛ ሄደች።

በሰው መኪና መሄድ

አጭር ግን ዋና ነገር ነው። ባለመኪናው እስኪነሳ የሚጠብቅ ሰው መውጫ ሰዓቱ የሱ አይደለም። ሐዋሳ ላይ ደግሞ ስብሰባ ካለቀ በኋላ "አሞራ ገደል ሄደን ዓሣ እንብላ" የማይል የለም። ከዚያ ሐይቅ ዳር ይመሻል። ለሚችል ሰው ደስ ይላል። ቻርጁ ላለቀ ግን የጠዋቱን ሁሉ ያበላሽበታል፤ ፊቱ ይጠቁራል፣ ሰውም "ኩራተኛ ነች" ይላል። (ዓሣ ተራው ላይ የሚቆሙት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ዝም ብለው ይቆማሉ፤ ማንም ምን ሆናችሁ አይላቸውም። እቀናባቸዋለሁ።)

መሄጃን ራስ መያዝ፣ ሰዓቱንም ጠዋት ተናግሮ ማስቀመጥ ነው። ልጅቷ ገና ስትመዘገብ ለአስተባባሪዋ "7:30 ላይ እወጣለሁ" አለቻት። ምሳ ሳይበሉ መሄድ ያስቀይማል፤ እሷ በልታለች። "ምን አስቸኮለሽ? ቁጭ በይ እንጂ!" ሲሏት "ጠዋት ነግሬያለሁ፣ ተጫወቱ" ብላ ወጣች። ጠዋት የተነገረ ሰዓት ሰበብ አይመስልም። 7:35 ላይ ባጃጅ ውስጥ ሆና ደወለችልኝ።

ቁጥሩን በስም ብቻ መመዝገብ

ከወር በኋላ "ከበደ" የሚል ሦስተኛ ስም ስልክ ውስጥ ቢገኝ ማን ያውቀዋል? ከስሙ ጎን ቦታውንና ነገሩን መጻፍ ነው፦ "ጋሼ፣ ላኪ፣ ናሙና እለካለሁ ያሉት"። ቃል የተገባ ነገር ካለ ደግሞ በማግስቱ ሁለት መስመር ቴሌግራም መላክ። ዝምተኛ ሰው በጽሑፍ ይሻለዋል፤ ይሄ የእኛ ሜዳ ነው።

ናሙናውን በሳምንቱ ላከችላቸው። የእነሱ ጣቢያ መለኪያ 11 ያለውን የሳቸው 12.3 አለው። "አክስቴ፣" አለችኝ፣ "የሚዋሸው ለካ የኛው ነው። አሁን ይሄን ለአለቃዬ ማን ይንገረው?"