በተግባር ልምምድ የመጨረሻ ቀን በሚላክ የስንብት ኢሜይል ላይ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

የስንብት ኢሜይል የሥራ ግንኙነትን የሚያቆየው ተቀባዩ ከወራት በኋላ ላኪውን ሊያገኘውና ማን እንደነበረ ሊያስታውስ ሲችል ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች በአብዛኛው ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን ያሰናክላሉ።

የግል አድራሻን አለመተው። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ተለማማጁ "እንዳንጠፋፋ" ብሎ ጽፎ ከድርጅቱ ኢሜይል ይልካል፤ ነገር ግን ያ ኢሜይል ብዙውን ጊዜ በዚያው ዕለት ወይም ከጥቂት ቀናት በኋላ ስለሚዘጋ፣ ዘግይቶ የሚጽፍለት ሰው መልእክቱ ተመልሶ ይመጣበታል ወይም ማንም በማይከፍተው ሣጥን ውስጥ ይቀራል። የግል አድራሻው ከስም በታች ባለው ፊርማ ላይ ብቻ ሳይሆን በመልእክቱ አካል ውስጥ፣ ራሱን በቻለ ዓረፍተ ነገር ሊጻፍ ይገባል። የዩኒቨርሲቲ ኢሜይልም ከምረቃ በኋላ ሊዘጋ ስለሚችል ለዚህ አይመረጥም። አንድ ፊደል ቢዛነፍ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ስለሚሆን፣ ከመላክ በፊት አድራሻውን ከረቂቁ ላይ ቀድቶ የሙከራ መልእክት መላክና መድረሱን ማየት ያስፈልጋል።

ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ መላክ። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች የተላከ ስንብት ብዙዎች የሚያነቡት በማግስቱ ነው፤ መልስ ቢጽፉም ወደ ተዘጋ ሣጥን ይሄዳል። ረፋድ ላይ ከተላከ ግን ሰዎች በዚያው ቀን ይመልሳሉ፣ አንዳንዶቹም የራሳቸውን የግል አድራሻ ይሰጣሉ፣ ሊሰናበቱም ይመጣሉ። ከዚያ በፊት የቅርብ ኃላፊው መልእክቱ እንደሚላክ ቢያውቅ መልካም ነው፤ ኃላፊው ለቡድኑ ራሱ ሊያሳውቅ አስቦ ሊሆን ይችላልና።

ለማንም ሊጻፍ የሚችል ምስጋና። "ስለ ሁሉም ነገር አመሰግናለሁ፤ ብዙ ተምሬአለሁ" የሚለው ዓረፍተ ነገር ቅንነት ባይጎድለውም አንባቢው የሚያስታውሰው ነገር የለውም። ቡድኖች በየጊዜው አዳዲስ ተለማማጆችን ስለሚቀበሉ፣ ስሙ ከአንድ የተወሰነ ሥራ ጋር ያልተያያዘ ሰው ቶሎ ይረሳል። የደንበኞችን ቅሬታ በየዓይነቱ ሲለይ የቆየ ተለማማጅ እንዲህ ቢጽፍ ይሻላል፦

"ውድ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ዛሬ የተግባር ልምምዴ የመጨረሻ ቀን ነው። የደንበኞችን ቅሬታ በየዓይነቱ በለየሁበት ሥራ፣ አንድን ቅሬታ ምድብ ከመስጠቴ በፊት መነሻውን ማጣራት እንዳለብኝ ከእናንተ ተምሬአለሁ። ሠንጠረዡ በክፍሉ የጋራ ማኅደር ውስጥ ይገኛል፤ የቀረው ሥራም በመጀመሪያው ገጽ ላይ ተጽፏል። ከዛሬ በኋላ በግል ኢሜይሌ ታገኙኛላችሁ፦ ... ስለ ትዕግሥታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።"

እዚህ ላይ የሥራው ዓይነት ተጠቅሷል፣ የደንበኛ ስም ግን አልተነሣም። ሠንጠረዡ የት እንዳለ መነገሩም ከጨዋነት ያለፈ ጥቅም አለው፤ ከሳምንታት በኋላ ፋይሉን የሚፈልግ ሰው ይህን ኢሜይል ፈልጎ ስለሚከፍተው የላኪውን ስምና አድራሻ እንደገና ያያል። ለዚህ ሲባል የኢሜይሉም ርዕስ "ቻው" ወይም "ስንብት" ብቻ መሆን የለበትም፤ ሙሉ ስምና "የተግባር ልምምድ ማጠናቀቂያ" የሚል ቃል ቢኖረው በፍለጋ ይገኛል።

በጋራ መልእክት ላይ የግል ጥያቄ ማቅረብ። "ክፍት የሥራ ቦታ ካለ አስታውሱኝ" ወይም "የምስክርነት ደብዳቤ የሚጽፍልኝ ካለ" የሚል ጥያቄ ለሁሉም ሲላክ እያንዳንዱ ሰው ሌላው ይመልሳል ብሎ ያልፈዋል፤ ምስጋናውም የጥያቄው መግቢያ ይመስላል። ጥያቄው በቅርብ ሥራውን ለተከታተለ አንድ ሰው፣ በተለየ ኢሜይል ይቅረብ፤ የሠራኸውን ሁለትና ሦስት ነገር በአጭሩ ዘርዝርለት፣ ደብዳቤው ለምን እንደሚፈለግም ንገረው። ሥራው ከአእምሮው ሳይጠፋ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ከዓመት በኋላ የተጠየቀ ሰው ፈቃደኛ ቢሆንም የሚጽፈው ዝርዝር አይኖረውም።

ተቀባዮችን ሳይመርጡ መላክ። የጋራው መልእክት አብረው ለሠሩት ብቻ ይሂድ። ተቀባዮቹ ብዙ ከሆኑ አድራሻዎቹን Bcc ላይ ማስገባት መልሶች ለሁሉም እንዳይበተኑ ይከላከላል።

የሊንክዲን ግብዣን ያለ ማስታወሻ መላክ። ግብዣው በዚያው ሳምንት፣ የት አብራችሁ እንደሠራችሁ ከሚገልጽ አንድ ዓረፍተ ነገር ጋር ቢላክ ተቀባዩ ላኪውን ለማስታወስ አይቸገርም። ከሌላ ክፍል የመጣና አንድ ጊዜ ብቻ ያገዘህ ሰው ስምህን ብቻ ቢያይ ላያውቅህ ይችላል፤ ያገዘህን ጉዳይ ብታነሣለት ግን ማን እንደሆንክ ወዲያው ይገባዋል።