ፍሪጃችሁ በእርግጥ ይቀዘቅዛል? በቴርሞሜትር እንዴት እንደሚለካ

ከፋሲካ በኋላ በነበረው ረቡዕ ማታ ድስቱን ስከፍት ዶሮ ወጡ አረፋ አውጥቷል። ፍሪጅ ውስጥ የቆየው ገና ሦስት ቀን ነው። እናቴ እጇን መደርደሪያው ላይ አሳረፈችና «ይበርዳል እኮ!» አለች። እኔም ዳሰስኩት። እውነትም ይበርዳል። ችግሩ የሞቀ እጅ 9 ዲግሪንም 4 ዲግሪንም «ብርድ» ብሎ ነው የሚያልፈው። ለወጡ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው።

የምንፈልገው ቁጥር ይህ ነው፦ ፍሪጁ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ በታች፣ ግን ከዜሮ በላይ። ከላይ ያለው በረዶ ቤት ደግሞ ከዜሮ በታች 18። ከ4 በላይ ሲሆን ምግብ የሚያበላሹትና ሰው የሚያሳምሙት ባክቴሪያዎች ቶሎ ቶሎ ይራባሉ። ከ4 በታች ደግሞ ይዘገያሉ እንጂ አይሞቱም። ስለዚህ ፍሪጁ 4 ላይ ቢሆንም የተረፈ ወጥ ከሦስት ወይም ከአራት ቀን በላይ አይቀመጥም።

መጀመሪያ ቴርሞሜትር። ትኩሳት የምንለካበት አይሆንም፤ የሰውን ሰውነት ሙቀት ብቻ ነው የሚያውቀው። ግንባር ላይ እየደገኑ የሚለኩበት ዓይነትም አይሆንም። ለምግብ የሚሸጠው ባለ ቀይ ጨረር መሣሪያም ቢሆን የሚያየው የዕቃውን ላይኛውን ገጽ ብቻ ነው። ባለ ሜርኩሪ ብርጭቆ ቴርሞሜትር ምግብ አጠገብ ባይደርስ ይሻላል፤ ከተሰበረ ጣጣው ብዙ ነው። እኔ የምወደው ርካሹን ዲጂታል፣ ባለ ቀጭን ሽቦውን ነው። የሽቦው ጫፍ ውስጥ ይቀመጣል፣ ቁጥሩ ውጭ ይነበባል። በሩን ሳትከፍቱ ማንበብ መቻል ትልቅ ነገር ነው። አዲስ ፍሪጅ ያላችሁ «በሩ ላይ ቁጥር ይጽፋል» ትሉኝ ይሆናል። ብዙ ጊዜ እሱ የሚያሳየው ያዘዛችሁትን ቁጥር ነው፤ ወተቱ የደረሰበትን አይደለም።

አሁን ሰው ሁሉ የሚዘለው፣ እኔም አበላሽቼ የሠራሁት ደረጃ ላይ ደረስን፦ ቴርሞሜትሩን ራሱን መፈተን። ርካሽ ቴርሞሜትር ሁለት ዲግሪ ቢሳሳት አይገርምም። እኛ ደግሞ የምንፈልገው ያንኑ ሁለት ዲግሪ ነው። የሚፈተነው በሚቀልጥ በረዶ ነው፤ በረዶና ውሃ በደንብ ሲቀላቀሉ 0 ዲግሪ ላይ ይቆማሉና። «በሚፈላ ውሃ ፈትኑ፣ 100 ማለት አለበት» የሚል ምክር ካያችሁ እለፉት። አዲስ አበባ ከፍታዋ ትልቅ ስለሆነ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። በዚያ ብትፈትኑ ደህናውን ቴርሞሜትር ጥፋተኛ ታደርጉታላችሁ። የበረዶውን ፈተና ግን ከፍታ አይነካውም።

እኔ እንዴት አበላሸሁት? ብርጭቆ ሙሉ የቧንቧ ውሃ ቀዳሁ፣ ሦስት ፍሬ በረዶ ጣልኩበት፣ ጫፉን ከተትኩ። 3 ዲግሪ አለ። «አሃ፣ ሦስት ጨምሮ ነው የሚያነበው፤ እኔ ሦስት እቀንሳለሁ» ብዬ ደመደምኩ። ማታ ፍሪጁን ለካሁ፣ 7 አለ። ሦስት ስቀንስ 4 ሆነ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ። በሁለተኛው ቀን ወተቱን ላፈላ ስጥደው ተቆራረጠ።

ስህተቱ የቴርሞሜትሩ ብቻ አልነበረም። ሦስት ፍሬ በረዶ የተንሳፈፈበት ውሃ ዜሮ አይደርስም። አምስት ዲግሪም ሊሆን ይችላል። ትክክለኛው አሠራር በተቃራኒው ነው፦ ብዙ በረዶ፣ ትንሽ ውሃ። በረዶውን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በዘነዘና ፍጩት። ብርጭቆውን እስከ አፉ ሙሉበት። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሩ፤ በፍጫዩ መካከል ያለውን ክፍተት እስኪሞላ ብቻ። በረዶው ተነስቶ ከተንሳፈፈና ከሥሩ ባዶ ውሃ ከታየ ውሃው በዝቷል፤ አፍስሱለት። አማስሉት፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆዩ፣ እንደገና አማስሉ። የቴርሞሜትሩ ጫፍ መሃል ላይ ይሁን፤ የብርጭቆውን ግድግዳም ሥሩንም አይንካ። ቁጥሩ መንቀሳቀስ ሲያቆም አንብቡ።

እንደዚያ አድርጌ ስደግመው የእኔው ከዜሮ በታች 2 አለ። ማለትም ሦስት ጨምሮ ሳይሆን ሁለት ቀንሶ ነው የሚያነበው። ያን ማታ «4 ነው» ብዬ የተኛሁበት ፍሪጅ እውነተኛው ሙቀቱ 7 ሲደመር 2፣ ማለትም 9 ነበር። ወጡ አረፋ ማውጣቱ፣ ወተቱም መቆራረጡ አይፈረድበትም። አሁን ቴርሞሜትሩ ጀርባ ላይ ፕላስተር ለጥፌ «+2» ብዬ ጽፌበታለሁ። መጣል አያስፈልግም፤ ሁልጊዜ በእኩል የሚሳሳት ከሆነ መደመር ብቻ ነው። አንዴ 2፣ አንዴ 5 የሚሳሳት ከሆነ ግን ለልጆች መጫወቻ ስጡት።

ከዚህ በኋላ ልኬቱ ቀላል ነው። ቴርሞሜትሩን መደርደሪያው ላይ እንዲሁ አትስቀሉት። ያኔ የሚለካው አየሩን ነው፤ አየሩ ደግሞ በሩ በተከፈተ ቁጥር ይሞቃል፣ ሞተሩ ሲነሳ ይቀዘቅዛል። በአምስት ደቂቃ ውስጥ 2ም 9ም ሊያሳያችሁ ይችላል። ምግብ እንደዚያ አይዘልም። ስለዚህ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀድታችሁ ጫፉን ውሃው ውስጥ ክተቱት። ውሃው እንደ ወጡና እንደ ወተቱ ቀስ ብሎ ነው የሚቀዘቅዘው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚሞቀው። ብርጭቆውን መካከለኛው መደርደሪያ መሃል ላይ አድርጉት፤ የኋላውን ግድግዳ አይንካ። እኔ ማታ 3 ሰዓት አስቀምጬ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ማንም ቁርስ ብሎ በሩን ሳይከፍት አነባለሁ። ቢያንስ ከአምስት እስከ ስምንት ሰዓት ይፈልጋል።

ከ4 በላይ ከሆነ ማዞሪያውን አስተካክሉ። እዚህ ላይ አንድ ኑዛዜ አለብኝ። የፍሪጄን ማዞሪያ 2 ላይ ያደረግኩት እኔው ነበርኩ፤ «2 ዲግሪ» ማለት መስሎኝ። ዲግሪ አይደለም። እንደ ምድጃ ማዞሪያ የጉልበት ደረጃ ነው፤ በአብዛኞቹ ፍሪጆች ቁጥሩ በጨመረ መጠን ይበልጥ ይቀዘቅዛል። በአንዴ ወደ 5 አትዝለሉ፤ ከኋላ ያለው ጎመን በረዶ ይሆናል። አንድ ቁጥር ጨምሩ፣ አንድ ቀን ሙሉ ቆዩ፣ ከዚያ ለኩ። የእኔው ከ2 ወደ 3 ሲሄድ ከ9 ወደ 7 ወረደ። 4 ላይ ሳደርገው 5 ሆነ። እነዚህ ሁለቱን የጨመርኩባቸው ቁጥሮች ናቸው።

የቀረችውን አንድ ዲግሪ በማዞሪያው መግፋት አልፈለግኩም። ፍሪጁን ከግድግዳው ሳብኩት፤ ከኋላ ያለው ጥቁር ፍርግርግ በአቧራ ተሸፍኗል። ሙቀቱ የሚወጣው በዚያ ስለሆነ ሶኬቱን ነቅዬ ጠረግኩት፣ መልሼ ስገፋውም ትንሽ ክፍተት ተውኩለት። ከዚያ የበሩን ጎማ በወረቀት ሞከርኩ። ወረቀቱን በሩ ላይ ዘግታችሁ ስትስቡት መያዝ አለበት። የእኔው ታች ጥጉ ላይ ያለ ምንም ትግል ወጣ። ጎማው ላይ የደረቀ ወጥ ነበር። በሞቀ ውሃና በሳሙና ሳጥበው ያዘ። በሚቀጥለው ጠዋት 3 ዲግሪ። ይህን ሁሉ አድርጋችሁ አሁንም ካልወረደ ሠሪ ጥሩ፤ ጋዝ ወይም ተርሞስታት ሊሆን ይችላል፣ ያ የእኛ ሥራ አይደለም።

መሃሉ ከተስተካከለ በኋላ ብርጭቆውን ለአንድ ማታ በሩ ላይ ወዳለው መደርደሪያ አዛውሩት። የእኔው መሃሉ 3 ሆኖ በሩ 7 ነው። ወተት፣ አይብና ጥሬ ሥጋ በር ላይ አይቀመጡም ማለት ነው። ድልህና ሚጥሚጣ እዚያ ይሂዱ። አንድ ጊዜ ደግሞ ማታ፣ እራት ተሠርቶ በሩ ሃያ ጊዜ ከተከፈተ በኋላ አንብቡት። ትልቅ የሞቀ ድስት እንዳለ ካስገባችሁ የጎረቤቱንም ምግብ ያሞቃል፤ ራሱም መሃሉ ለሰዓታት ሳይቀዘቅዝ ይቆያል። ዶሮ ወጡን የገደልኩት በዚህም ጭምር ነው። አሁን ጠፍጣፋ በሆኑ ዕቃዎች ከፋፍዬ ነው የማስገባው። «በርበሬ ያለበት አይበላሽም» የሚለውን ደግሞ ያ ረቡዕ ማታ ውድቅ አድርጎታል።

ብርጭቆውን ከነቴርሞሜትሩ እዚያው ተዉት፤ መብራት ሲሄድ ይጠቅማችኋል። ያልተከፈተ ፍሪጅ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ሞልቶ የተዘጋ በረዶ ቤት ሁለት ቀን፣ ግማሹ ባዶ ከሆነ አንድ ቀን። መብራቱ ሲመጣ ከሁሉ በፊት ቁጥሩን አንብቡ። ፍሪጁ ተመልሶ ሲቀዘቅዝ የሆነውን ስለሚደብቅ ዘግይቶ ማንበብ ዋጋ የለውም። 4 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ምግቡ ደህና ነው። ከ4 በላይ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ ሥጋው፣ ወተቱና ወጡ ይወጣሉ፤ ጥሩ ቢሸቱም። የሚያሳምሙት ባክቴሪያዎች ሽታ የማስለወጥ ግዴታ የለባቸውም። በረዶ ቤት ያለው ሥጋ ግን ውስጡ ገና የበረዶ ቅንጣት ካለው መልሳችሁ ማቀዝቀዝ ትችላላችሁ፤ ጣዕሙ ትንሽ ይጎዳል እንጂ።