ኬብሉን ካላጣመሙት ቻርጅ የማያደርግ ስልክ፦ ጉድለቱ የት እንዳለ እንዴት ይለያል?

ድሬዳዋ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ስልኳን ቻርጅ የምታደርገው ኬብሉን ወደ ግራ ጎትታ፣ ከሥሩ የታጠፈ ጨርቅ አስደግፋ ነበር። ጨርቁ ትንሽ ከተንሸራተተ ቻርጅ ማድረጉ ይቋረጣል፤ ባይንሸራተትም እንኳ ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ አድሮ ጠዋት ከ60 በመቶ ብዙም አያልፍም። ችግሩ የኬብል መስሏት በሁለት ወር ውስጥ ሁለት አዳዲስ ኬብሎች ገዛች፤ ሁለቱም ለጥቂት ቀናት የተሻሉ መስለው ተመልሰው እንደ መጀመሪያው ሆኑ። ስልኩን ተቀብዬ ስፈትሽ የተረዳሁት ነገር፣ «ቀስ ብሎ መሙላት» እና «በአንድ አቅጣጫ ብቻ መሙላት» ብዙ ጊዜ አብረው ስለሚታዩ እንደ አንድ ጉድለት ቢቆጠሩም ምንጫቸው የተለያየ ሊሆን እንደሚችል ነው። ስለዚህ ፍተሻው ሁለቱን ለያይቶ፣ በመጀመሪያ የመቆራረጡን፣ ቀጥሎም የመዘግየቱን መንስኤ መፈለግ ይኖርበታል። መቆራረጡ ካልቆመ የመሙላቱን ፍጥነት በትክክል መለካት አይቻልምና ቅደም ተከተሉ መገልበጥ የለበትም።

ኤሌክትሪኩ ከግድግዳ ተነሥቶ ባትሪው እስኪደርስ ድረስ በአራት ነገሮች ያልፋል፤ እነርሱም ሶኬቱ ወይም ዲቫይደሩ፣ አዳፕተሩ (ብዙዎቻችን የቻርጀር ራስ የምንለው)፣ ኬብሉ እና በስልኩ ግርጌ ያለው ማስገቢያ ናቸው። ለፍተሻው የሚያስፈልገው አንድ በደንብ የሚሠራ ሌላ ስልክ ከነቻርጀሩ ብቻ ነው። የተዋሱት ቻርጀር ማስገቢያው ከስልክዎ ጋር አንድ ዓይነት መሆኑን ያረጋግጡ፤ በአዳፕተሩ ላይ «Output» ከሚለው ቃል ቀጥሎ የተጻፈው ቁጥር ከእርስዎ አዳፕተር ጋር ቢመሳሰል ደግሞ ይመረጣል።

ከሶኬቱ ይጀምሩ፤ ይህ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ስልኩንና ኬብሉን ሳይነኩ አዳፕተሩን ብቻ በጣትዎ ቀስ አድርገው ያወዛውዙት። ስልኩ ቻርጅ ማድረጉን አቋርጦ እንደገና ከጀመረ ሶኬቱ ወይም ዲቫይደሩ ላልቷል ማለት ነው፤ አዳፕተሩን ሌላ ሶኬት ላይ ሰክተው ይድገሙት። በነገራችን ላይ የመብራት ኃይል መዋዠቅ ብዙ ጊዜ ያለጥፋቱ ይወቀሳል። በአብዛኞቹ አዳፕተሮች ላይ «100-240V» ተብሎ ተጽፏል፤ ይህም ቮልቴጁ ከ220 በመጠኑ ዝቅ ቢልም በሙሉ አቅማቸው እንዲሠሩ የተሠሩ መሆናቸውን ያመለክታል።

ቀጥሎ የሚመጣው ዋናው ፈተና ኬብሉን ከስልኩ ማስገቢያ የሚለየው ነው። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው ኬብሉን ይሰኩና፣ በአንድ እጅዎ የኬብሉን ራስ ከስልኩ ጋር አጣብቀው እንዳይነቃነቅ አድርገው ይያዙት። በሌላ እጅዎ ከራሱ አራትና አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀው ገመዱን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በዝግታ ያጥፉት። ራሱ ሳይነቃነቅ ገመዱ ሲታጠፍ ብቻ ቻርጁ ከተቋረጠ ጉድለቱ ከኬብሉ ነው፤ በአንገቱ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የመዳብ ክሮች ተበጥሰዋል ማለት ነው። ይህንኑ በአዳፕተሩ በኩል ባለው ጫፍም ይድገሙት፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ጫፍ ነው። በተቃራኒው ገመዱ ሲታጠፍ ምንም ሳይሆን ራሱ በማስገቢያው ውስጥ ጥቂት ሲነቃነቅ ከተቋረጠ፣ ጥርጣሬው ወደ ስልኩ ማስገቢያ ይሄዳል። ያን ጊዜ የተዋሱትን ኬብል በስልክዎ፣ የእርስዎን ኬብል ደግሞ በሌላው ስልክ ይሞክሩ። ጉድለቱ ኬብሉን ተከትሎ ከሄደ ኬብሉ፣ ከስልኩ ጋር ከቀረ ስልኩ ነው።

ታይፕ ሲ የሚባለው በሁለቱም ፊት የሚገባው ኬብል አንድ ተጨማሪ ምልክት ይሰጣል። ራሱን ገልብጠው ሲሰኩት በአንደኛው ፊት በደንብ እየሞላ በሌላው ፊት እምቢ ካለ፣ በሌላ ኬብልም ያው ከሆነ፣ በስልኩ ማስገቢያ ውስጥ በአንድ ወገን ያለ መገናኛ ቆሽሿል ወይም ተጎድቷል ማለት ነው።

በእህቴ ስልክ የተገኘው ውጤት ግልጽ ነበር። ገመዱ እንደተፈለገው ቢታጠፍም ምንም አልሆነም፤ ራሱ ሲነቃነቅ ግን ቻርጁ ይቋረጣል፤ የጎረቤት ኬብልም በእርሷ ስልክ ላይ እንዲሁ አደረገ። ሁለቱን ስልኮች ጎን ለጎን አድርጌ አንዱን ኬብል በሁለቱም ላይ በየተራ ስሰካው፣ በጎረቤት ስልክ የራሱ ብረት ሙሉ በሙሉ ሲገባ በእርሷ ስልክ ላይ ግን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ይቀራል፤ ሲገባም «ቀጭ» የሚለው ስሜት የለውም። ይህ ማስገቢያው ውስጥ ቆሻሻ መጠቅጠቁን የሚያሳይ ምልክት ነው። ከኪስና ከቦርሳ የሚገባው የጨርቅ ብናኝ ከድሬዳዋ አቧራ ጋር ተደባልቆ፣ ኬብሉ በተሰካ ቁጥር ወደ ውስጥ እየተገፋ እንደ ባዘቶ ይጠቀጠቃል። አዲስ ኬብል ለጥቂት ቀናት የተሻለ የሚመስለውም ራሱ ገና ስላልላላና ጠበቅ ብሎ ስለሚይዝ ነው።

ለማጽዳት ስልኩን ሙሉ በሙሉ ያጥፉት፤ ኬብሉንም ይንቀሉ። የሌላ ስልክ መብራት ወደ ውስጥ እያበሩ፣ ጫፉ በምላጭ የሳሳ የእንጨት ስቴኪኒ ይጠቀሙ። በታይፕ ሲ ማስገቢያ መሐል እንደ ምላስ ያለ ስስ ቁራጭ አለ፤ መገናኛዎቹ ያሉት በእርሱ ላይ ስለሆነ ስቴኪኒውን በምላሱና በግድግዳው መካከል አስገብተው ከጥግ እየጀመሩ ብናኙን ወደ ውጭ ይሳቡት እንጂ ምላሱን አይፈልቅቁት። መርፌ ወይም የወረቀት ማያያዣ ሽቦ መገናኛውን ይቧጭራል፤ ስልኩ ካልጠፋም ሊያገናኝ ይችላል። በአፍ መንፋት ደግሞ እርጥበት ያስገባል። ከእህቴ ስልክ የወጣው የሩዝ ፍሬ የሚያህል ግራጫ ድብልቅ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ኬብሉ «ቀጭ» ብሎ ገባ፣ መቆራረጡም ቆመ።

ሆኖም ስልኩ አሁንም ቀስ ብሎ ነበር የሚሞላው። እዚህ ላይ በዓይን ግምት መሄድ ስለማያዋጣ መለካት ያስፈልጋል። የሚለካው ባትሪው ከ20 እስከ 50 በመቶ ባለው ክልል ውስጥ ቢሆን ይመረጣል፤ ከ80 በመቶ ገደማ በላይ አብዛኞቹ ስልኮች ሆን ብለው ፍጥነቱን ይቀንሳሉና። ስልኩን ፍላይት ሞድ ላይ አድርገው፣ ስክሪኑን አጥፍተው፣ ለ30 ደቂቃ ይተዉትና ስንት በመቶ እንደጨመረ ይጻፉ። በየሙከራው አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ። በድሬዳዋ ሙቀት ደግሞ ሙከራውን ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በቀትር ማድረግ ያሳስታል፤ ባትሪው ወደ 45 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲጠጋ ስልኩ ራሱን ለመጠበቅ መሙላቱን ይቀንሳል ወይም ያቆማል። እኔ የሠራሁት ማለዳ፣ ሽፋኑን አውልቄ፣ ስልኩን በቀዝቃዛው የሴራሚክ ወለል ላይ አስቀምጬ ነው።

ምን ያህል መጨመር እንዳለበት በቀላሉ መገመት ይቻላል። 5000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ 19 ዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። «5V 2A» የተባለ አዳፕተር 10 ዋት ስለሚሰጥ በግማሽ ሰዓት 5 ዋት ሰዓት ይልካል፤ በመንገድ ላይ ወደ ሙቀት የሚቀየረው ሲቀነስ 4 ገደማ ይቀራል፤ ይህም ከባትሪው 20 በመቶ ያህል ነው። በዚሁ ጊዜ 5 በመቶ ብቻ ከጨመረ፣ ስልኩ የሚያገኘው ከአንድ ኮምፒውተር የቆየ ዩኤስቢ ከሚያገኘው ከግማሽ አምፔር ያልበለጠ ነው ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን አንዳንድ ስልኮች በስክሪናቸው ላይ «Charging slowly» ብለው ይጽፋሉ።

የእህቴ ስልክ ባትሪ 5000 ሲሆን አዳፕተሯ ላይም የተጻፈው «5V 2A» ነው። በእርሷ አዳፕተርና በእርሷ ኬብል በ30 ደቂቃ የጨመረው 9 በመቶ ሆነ። ኬብሉን ብቻ በጎረቤት ኬብል ስቀይረው እንደገና 9 በመቶ ሆነ፤ ስለዚህ ኬብሉ ነጻ ወጣ። የእርሷን ኬብል መልሼ አዳፕተሩን ብቻ ስቀይረው 20 በመቶ ጨመረ። ጥፋተኛው አዳፕተሩ ነበር። በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች በሙቀት ስለሚያረጁ፣ ለዓመታት ከዲቫይደር ሳይነቀል የቆየ ርካሽ አዳፕተር የተጻፈበትን ያህል መስጠት ቢያቅተው አይገርምም። ከፍቶ ለመጠገን ግን አይሞክሩ፤ 220 ቮልት የሚገባበት ነው፣ ከተነቀለም በኋላ ካፓሲተሩ ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል። በመሳቢያ ውስጥ የተጣሉት ሁለቱ ኬብሎች ሲሞከሩ ሁለቱም ደህና ሆነው መገኘታቸውን እህቴ እስካሁን ትቆጫለች።

ውጤቱ በተቃራኒው ሆኖ ኬብሉ ሲቀየር ብቻ ፍጥነቱ ከጨመረ ደግሞ ኬብሉ ቀጭን፣ በጣም ረጅም ወይም በከፊል የተበጠሰ ነው። ከ5 ቮልቱ ጥቂቱ በሽቦው ላይ ሲጠፋ፣ ስልኩ የደረሰው ቮልቴጅ መውረዱን ተረድቶ የሚወስደውን መጠን ይቀንሳል። ሌላው ሊያሳስት የሚችለው ፈጣን ቻርጅ ነው፦ ስልኩ የራሱ ፋብሪካ ከሠራው አዳፕተር ጋር ብቻ በሙሉ ፍጥነት የሚሞላ ከሆነ፣ በሌላ ጤነኛ አዳፕተር መዘግየቱ ብልሽት አይደለም።

አዳፕተሩም ኬብሉም ተቀይረው፣ ማስገቢያውም ጸድቶ ችግሩ ካልተፈታ፣ የቀረው ከስልኩ ውስጥ ነው። ከጽዳት በኋላም የኬብሉ ራስ የሚወዛወዝ ከሆነ ማስገቢያው አርጅቷል፤ በውስጡ አረንጓዴ ነገር ከታየ ውሃ ነክቶታል። የስልኩ ጀርባ ካበጠ ግን ባትሪው ነውና ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቻርጅ አያድርጉት። ጥገና ቤት ሲሄዱ ማስገቢያው በተለየ ትንሽ ቦርድ ላይ ያለ መሆኑን ይጠይቁ፤ ከሆነ ቦርዱ እንዳለ ይቀየራል፣ በዋናው ቦርድ ላይ የተበየደ ከሆነ ግን ሥራው ከባድ ነው፣ ዋጋውም ይለያል። ሲጨርሱም ከመክፈልዎ በፊት እዚያው ሆነው ኬብሉን በሁለቱም ፊት ይሰኩት፣ ራሱን ቀስ ብለው ይነቅንቁት፣ እየሞላ ያለበትን ምልክትም ለጥቂት ደቂቃ ይመልከቱ።