የክፍያ አንቀጽ ስናቀልል የምናጠፋው

አንድ የቢሮ ዕቃ የሚሠሩ አባት ባለፈው ክረምት ሁለት ወረቀት ይዘው መጡ። አንዱ ከገዢያቸው ጋር ሊፈርሙት የተዘጋጀ ውል ነው። ሌላው የእህታቸው ልጅ የክፍያውን አንቀጽ «በሰው ቋንቋ» ያቀለለበት ነው። «አንቺ ልጅ፣ ይሄኛው ይገባኛል፣ ያኛው አይገባኝም። ገዢውም በሚገባኝ ቢጻፍ ግድ የለኝም ብሏል። የሚገባኝን ልፈርም?» አሉኝ።

የውሉ አንቀጽ እንዲህ ይላል፦

«ገዢ ዕቃውን መቀበሉን በጽሑፍ ካረጋገጠ በኋላ ከሻጭ የክፍያ መጠየቂያ ሲቀርብለት፣ መጠየቂያው ከደረሰው ቀን ማግስት ጀምሮ ባሉት ሠላሳ ተከታታይ ቀናት ውስጥ የዋጋውን 95 በመቶ የሚከፍል ሲሆን፣ ቀሪው 5 በመቶ በመያዣነት ቆይቶ ርክክቡ ከተፈጸመ 6 ወር ሲሞላ ጉድለት ካልተገኘ ለሻጭ የሚለቀቅ ይሆናል፤ ገዢ ክፍያውን ባዘገየ ጊዜ ላልከፈለው ገንዘብ ለእያንዳንዱ የዘገየ ቀን 0.1 በመቶ መቀጫ፣ ከዋጋው 10 በመቶ ሳይበልጥ ይከፍላል፤ ሆኖም ገዢ በመጠየቂያው ላይ ያለውን ተቃውሞ መጠየቂያው በደረሰው በ7 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ካሳወቀ ተቃውሞ ያቀረበበትን ገንዘብ ብቻ ሊይዝ ይችላል።»

ልጁ ደግሞ እንዲህ አድርጎታል፦

«ዕቃው ከደረሰ በኋላ ደረሰኝ ሲመጣ በአንድ ወር ውስጥ 95% ይከፈላል። 5% ለ6 ወር ይያዛል። ክፍያ ከዘገየ 0.1% ቅጣት አለ። ቅሬታ ካለ ክፍያው ይያዛል።»

ሲያነቡት ይጥማል። ግን ሌላ ውል ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1733 የውሉ ቃል ግልጽ ከሆነ ዳኛው ከቃሉ ወጥቶ «ተዋዋዮቹ ያሰቡት ምን ነበር?» ብሎ መተርጎም አይችልም ይላል። የተወሳሰበ አንቀጽ ሲሆን ቢያንስ ለክርክር በር አለው። በአጭርና በግልጽ ቃል የተጻፈ ስህተት ግን እንደተጻፈው ሊጸና ይችላል። ስለዚህ የልጁን ስህተቶች አንድ በአንድ እንያቸው። እኔም በጀማሪነቴ አብዛኞቹን ሠርቻቸዋለሁ።

ከፋዩን ማጥፋት

«ይከፈላል»፣ «ይያዛል»፣ «ቅጣት አለ»። ማን ነው የሚከፍለው? ማን ነው የሚይዘው? ቅጣቱስ በማን ላይ ነው? አማርኛ ለዚህ ስህተት ያመቻል። ባለቤቱ ግሱ ውስጥ ስለሚገባ ስሙን ሳንጠራ ዓረፍተ ነገሩ ይሞላልናል። «ይከፍላል» ብንል እንኳ ገዢም «እሱ»፣ ሻጭም «እሱ» ነው። ውል ውስጥ ግዴታ ባለበት ዓረፍተ ነገር ሁሉ «ገዢ» ወይም «ሻጭ» የሚለው ቃል በግልጽ ይግባ። መደጋገሙ ጆሮ ይሰለቻል፣ ይሁን።

ግሱ ላይ ሌላም ወጥመድ አለ። «ገዢ ሊይዝ ይችላል» መብት ነው፣ ባይፈልግ አይይዝም። «ይያዛል» ግን መያዙን የግድ ያደርገዋል። «ይገባዋል» ከሚለው ደግሞ ፈጽሞ ራቁ። «መክፈል ይገባዋል» ሲባል ግዴታ ነው፣ «ክፍያ ይገባዋል» ሲባል መብት ነው። ያው አንድ ቃል ባለዕዳውንም ባለገንዘቡንም ይገልጻል። እኔ ግዴታ ሲሆን «ይከፍላል» ወይም «የመክፈል ግዴታ አለበት»፣ ፈቃድ ሲሆን «ይችላል» ብዬ እጽፋለሁ። ሦስተኛ መንገድ አልጨምርም።

ቆጠራው የሚነሳበትን ቀን ማምታታት

ጠቡ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። በውሉ ሦስት ነገሮች ተከታትለው ይፈጸማሉ። ዕቃው ይደርሳል፣ ገዢ መቀበሉን በጽሑፍ ያረጋግጣል፣ ከዚያ መጠየቂያው ይደርሰዋል። ቆጠራው የሚነሳው ከሦስተኛው ማግስት ነው። ልጁ መካከለኛውን ዘሎታል፤ «በአንድ ወር ውስጥ» የሚለውም ከዕቃው መድረስ ይሁን ከደረሰኙ መምጣት አይታወቅም።

በቀን እናስቀምጠው። ዕቃው ነሐሴ 3 ቀን 2017 ደረሰ እንበል። ገዢ ነሐሴ 10 መቀበሉን ጻፈ። መጠየቂያው ነሐሴ 20 እጁ ገባ። በልጁ ጽሑፍ ሻጭ «ነሐሴ 3 ደርሷል፣ መስከረም 3 ክፈለኝ» ማለት ይችላል። ገዢም «ወረቀትህ ነሐሴ 20 መጣ፣ እስከ መስከረም 20 ጠብቅ» ቢል ያስኬደዋል። ሁለቱም ያንኑ ወረቀት ይዘው ነው የሚከራከሩት።

ሠላሳ ቀንን «አንድ ወር» ማለት

«ወራችን ሠላሳ ቀን አይደል እንዴ?» አለኝ ልጁ። ነው፣ ጳጉሜን ካልረሳን። ያንኑ የነሐሴ 20 መጠየቂያ እንውሰድ። በውሉ መሠረት ነሐሴ 21 የመጀመሪያው ቀን ነው። ነሐሴ 30 ላይ 10 ቀን ይሞላል። ጳጉሜን 5 ላይ 15 ቀን ይሆናል። ቀሪው 15 ቀን መስከረም 15 ላይ ያልቃል። «አንድ ወር» ሲባል ግን ሰው ሁሉ የሚቆጥረው ከነሐሴ 20 እስከ መስከረም 20 ነው። አምስት ቀን በአንዲት ቃል ሄደ። ውሉ በፈረንጅ አቆጣጠር የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ወሩ 28 ወይም 31 ቀን ሊሆን ይችላል።

«ተከታታይ» የሚለውን ቃልም ልጁ ጥሎታል፤ ከባድ ቃል መስሎት ነው። ይህ ቃል እሑድም በዓልም ይቆጠራሉ ማለት ነው። ከጠፋ የገዢ ሒሳብ ክፍል «ሠላሳ የሥራ ቀን ነው» ሊል ይችላል። ያኔ እንቁጣጣሽና ቅዳሜና እሑዶቹ ወጥተው ክፍያው ወደ መስከረም መጨረሻ ይገፋል። ቅዳሜ ግማሽ ቀን የሥራ ቀን ነው አይደለም የሚለው ደግሞ ሌላ ጭቅጭቅ ነው። ቃሉ ካስቸገረ «በዓልና እሑድን ጨምሮ» ብሎ መተካት ይቻላል። ማውጣት ግን አይቻልም።

«መጠየቂያ»ን «ደረሰኝ» ማድረግ

በአፍ ስናወራ ቢል፣ ደረሰኝ፣ ኢንቮይስ፣ መጠየቂያ እያልን እናቀላቅላለን፣ እንግባባለንም። ወረቀት ላይ ግን የክፍያ መጠየቂያ «ይህን ያህል ክፈለኝ» የሚል ደብዳቤ ነው። ደረሰኝ ደግሞ ሽያጩን ለታክስ የሚያስመዘግብ ሰነድ ነው። በልጁ አጻጻፍ ሻጭ አንድ ብር ሳይቀበል ደረሰኝ መቁረጥ አለበት። የቫት ተመዝጋቢ ከሆነ ደግሞ ገንዘቡ ገና ኪሱ ሳይገባ ታክሱን ማስታወቅ ይመጣበታል። ገዢ እንዲህ ያለ ቅድመ ሁኔታ አልጠየቀም ነበር። የሻጩ የእህት ልጅ ነው የጨመረበት። አንድ ነገር አንድ ስም ይኑረው፣ እስከ ውሉ መጨረሻም በዚያው ስም ይጠራ።

ድንበሮቹን መቁረጥ

ስናሳጥር መጀመሪያ የሚቆረጡት «ለእያንዳንዱ»፣ «ሳይበልጥ»፣ «ብቻ»፣ «ካልተገኘ» የሚሉት ናቸው። ዋጋው 480,000 ብር ነው። 95 በመቶው 456,000 ብር ይሆናል። ገዢ 20 ቀን ቢያዘገይ በውሉ መሠረት በቀን 456 ብር፣ በድምሩ 9,120 ብር መቀጫ አለበት። «ክፍያ ከዘገየ 0.1% ቅጣት አለ» ከተባለ ግን ገዢ አንዴ 456 ብር ወርውሮ ይገላገላል። «ሳይበልጥ» ሲወጣ ደግሞ የሚጎዳው በተቃራኒው ገዢ ነው፤ መቀጫው 48,000 ብር ላይ መቆም ሲገባው መቆሚያ ያጣል።

«ብቻ» የሚለው የጠፋበት ግን ይብሳል። በውሉ ገዢ 10 ወንበር ተሰብሯል ብሎ በ7 ቀን ውስጥ ከጻፈ የ10ሩን ወንበር ዋጋ ይይዛል፣ ሌላውን ይከፍላል። በልጁ ወረቀት «ቅሬታ ካለ ክፍያው ይያዛል»። በቃል የተነገረ፣ ከሁለት ወር በኋላ የመጣ አንድ ቅሬታ 456,000ውን ብር በሙሉ ያስቆማል። 5 በመቶውም «ለ6 ወር ይያዛል» ተባለ እንጂ ከዚያ ለማን እንደሚለቀቅ አልተነገረም።

ሁሉን አስተካክዬ እንዲህ ጻፍኩት፦

«ገዢ የዋጋውን 95 በመቶ ለሻጭ ይከፍላል። ይህ ግዴታ የሚጀምረው ገዢ ዕቃውን መቀበሉን በጽሑፍ ካረጋገጠና ከዚያ በኋላ የሻጭ የክፍያ መጠየቂያ ከደረሰው ነው። ገዢ ለመክፈል 30 ቀን አለው። ቀኑ የሚቆጠረው መጠየቂያው ለገዢ ከደረሰበት ቀን ማግስት ጀምሮ ነው፤ በዓልና እሑድም ይቆጠራሉ።

ገዢ የዋጋውን 5 በመቶ በመያዣነት ያቆያል። ርክክቡ ከተፈጸመ 6 ወር ሲሞላ ጉድለት ካልተገኘ ገዢ ይህን ገንዘብ ለሻጭ ይለቃል።

ገዢ ክፍያውን ካዘገየ ለእያንዳንዱ የዘገየ ቀን ካልከፈለው ገንዘብ 0.1 በመቶ መቀጫ ለሻጭ ይከፍላል። መቀጫው በድምሩ ከዋጋው 10 በመቶ አይበልጥም።

ገዢ መጠየቂያውን ከተቃወመ ተቃውሞ ያቀረበበትን ገንዘብ ብቻ መያዝ ይችላል። ይህን ማድረግ የሚችለው መጠየቂያው በደረሰው በ7 ቀን ውስጥ ተቃውሞውን በጽሑፍ ካሳወቀ ነው።»

ከቀድሞው ብዙም አላጠረም። ዓረፍተ ነገሮቹ አጠሩ እንጂ አንቀጹ ያው ነው። እንዲያውም «አጠረ» ስትሉኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ምን ወጣ ብዬ ነው።

የውሉን ክፍተት በራስ ፈቃድ መድፈን

ይህን ስህተት ልጁ አልሠራውም፤ ልሠራው የነበርኩት እኔ ነኝ። ገዢ መቀበሉን ሳይጽፍ ዝም ቢልስ? ውሉ መልስ የለውም፣ ቆጠራውም አይጀምርም። «በ5 ቀን ውስጥ ካልመለሰ እንደተቀበለ ይቆጠራል» የምትል ዓረፍተ ነገር እጄ ላይ መጥታ ነበር። መልካም ሐሳብ ናት። ግን አዲስ ግዴታ ናት፣ በማቅለል ስም ሾልካ መግባት የለባትም። ለብቻዋ በወረቀት ጽፌ «ከገዢው ጋር ይነጋገሩበት» ብዬ ሰጠኋቸው።

ከዚያ ሁልጊዜ የማደርገውን አደረግኩ። አዲሱን ጽሑፍ ውሉን አይታ ለማታውቅ አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ሰጠኋት። «ዋጋው 480,000 ብር ነው። መጠየቂያው ነሐሴ 20 ደረሰ፣ ተቃውሞ የለም። ስንት ብር፣ እስከ መቼ?» አልኳት። በጣቷ ቆጥራ «456 ሺህ፣ እስከ መስከረም 15» አለች። ደስ አለኝ። ወረቀቱን ልቀበላት ስል ያዝ አደረገችው።

«ቆይ፣ ዋጋው ሲል ከነቫቱ ነው ወይስ ያለ ቫቱ?»

የድሮውን አንቀጽ መልሼ አነበብኩ። የለም። 15 በመቶ ቫት ከተጨመረ ዋጋው 552,000፣ 95 በመቶው 524,400 ብር ይሆናል። ልዩነቱ 68,400 ብር ነው። አባትዬው በስልክ «እኔ የነገርኩት ያለ ቫቱ ነው» አሉ። ገዢው ከነቫቱ መስሎት ነበር። ፊርማው ሳምንት ተራዘመ።