የወር አበባ ሳይመለስ ማርገዝ፦ የምታጠባ እናት ልታስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የምታጠባ እናት የወር አበባዋ ሳይመለስ ልታረግዝ ትችላለች። ጡት ማጥባት እርግዝናን አይከላከልም ማለት ግን አይደለም። በትክክል ከተሠራበት ከወለዱ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ 6 ወራት ከ100 እናቶች 98ቱን ይጠብቃል። ብዙዎች የሚሳሳቱት መከላከያው የሚሠራበት ሁኔታ መቼ እንዳበቃ ሳያውቁ በመቅረታቸው ነው።

ስህተት 1፦ «አበባዬ ሲመጣ መከላከያ እጀምራለሁ» ማለት

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። የወር አበባ የሚመጣው እንቁላል ከወጣ ከ2 ሳምንት ገደማ በኋላ፣ ያች እንቁላል ሳትፀነስ ስትቀር ነው። ስለዚህ ከወሊድ በኋላ የመጀመሪያዋ እንቁላል የምትወጣው ምንም ደም ሳይታይ ሊሆን ይችላል። በዚያ ሰሞን ግንኙነት ከነበረና ፅንስ ከያዘ ደሙ ጭራሽ አይመጣም፤ እናትየዋም «እያጠባሁ ስለሆነ ነው» ብላ ትቀመጣለች። የወንድ ዘር በማህፀን ውስጥ እስከ 5 ቀን ስለሚቆይ ግንኙነቱ እንቁላሏ ከመውጣቷ ቀናት ቀድሞ ቢሆንም ለውጥ የለውም።

ልጁ 6 ወር ሳይሞላው የሚመጣው የመጀመሪያ ደም ብዙ ጊዜ እንቁላል ሳይወጣ የሚመጣ ነው። አበባው ሳይመለስ በቆየ ቁጥር ግን እንቁላል ቀድማ የመውጣቷ ዕድል ይጨምራል። «ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ እስካሁን አላየሁም» የምትል እናት ተጠብቃለች ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ይበልጥ መጠንቀቅ የሚገባት እሷ ናት።

ስህተት 2፦ ሦስቱን ሁኔታዎች አንድ ላይ አለመቁጠር

ጡት ማጥባት እርግዝናን የሚከላከለው ሦስት ነገሮች በአንድ ጊዜ ሲሟሉ ብቻ ነው፦ አበባ አልተመለሰም፣ ሕፃኑ የሚመገበው የጡት ወተት ብቻ ወይም ከሞላ ጎደል ብቻ ነው፣ ዕድሜውም ከ6 ወር በታች ነው። ከሦስቱ አንዱ እንደጎደለ ሌላ መከላከያ መጀመር ያለበት በዚያው ቀን ነው።

እዚህ ላይ ደሙን በተመለከተ አንድ ነገር ይለይ። ጡት ብቻ የምታጠባ እናት ከወለደች በኋላ ባሉት 56 ቀናት የምታየው ደም እንደ ወር አበባ አይቆጠርም። ከዚያ በኋላ ግን ለ2 ተከታታይ ቀናት ደም ከታየ፣ ትንሽም ቢሆን፣ አበባ ተመልሷል ብሎ መቁጠር ነው።

ስህተት 3፦ «አጠባለሁ» ማለትን ብቻ በቂ አድርጎ ማየት

እንቁላል እንዳትወጣ የሚያደርገው የወተቱ መኖር ሳይሆን የሕፃኑ መጥባት ነው። ሕፃኑ ጡት ሲስብ ወደ አንጎል የሚሄደው መልእክት እንቁላልን የሚያነቃቁ ሆርሞኖችን ያዳክማል። መጥባቱ ሲራራቅ ሆርሞኖቹ ይነሳሉ። ስለዚህ በአንዱና በቀጣዩ ማጥባት መካከል ያለው ጊዜ በቀን ከ4 ሰዓት፣ በሌሊት ከ6 ሰዓት እንዳያልፍ ይመከራል። «ሌሊቱን ሙሉ ይተኛልኛል» የሚባለው ደስ የሚል ዜና፣ ከእርግዝና መከላከል አንፃር ሲታይ ማስጠንቀቂያ ነው።

የስኳር ውሃ፣ የአብሽ ውሃ፣ የላም ወተት ወይም በጡጦ የሚሰጥ የዱቄት ወተት ሕፃኑን ያጠግቡታል፤ ያኔ ጡት የሚጠባው ያነሰ ይሆናል። ሐኪም ያዘዘው የቫይታሚን ጠብታ ግን ችግር የለውም።

ሥራ የምትሄድ እናት ወተቷን አልባ ብታስቀምጥ ለልጁ ምግብ እጅግ ጥሩ ነው። ሆኖም በእጅ ወይም በፓምፕ ማለብ የሕፃኑን አፍ ሙሉ በሙሉ አይተካም። ቺሊ ውስጥ ተካሂዶ በ2000 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ወተት እያለቡ ሥራ ከሚሄዱ እናቶች በ6 ወር ውስጥ ከ100 ወደ 5 የሚጠጉት አርግዘዋል።

በቀን ቆጠራ እንየው። አንዲት እናት መስከረም 1 ወለደች እንበል። ጡት ብቻ እያጠባች 90 ቀን የወሊድ ፈቃዷን ጨርሳ ታህሳስ 1 ሥራ ትገባለች። ጠዋት 1 ሰዓት አጥብታ ትወጣለች፣ የምትመለሰው ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ነው፤ በመሃል ሞግዚቷ የዱቄት ወተት ትሰጣለች። ልጁ ገና 3 ወሩ ነው፣ አበባም አልመጣም፤ ጡት ብቻ የማጥባቱ ሁኔታ ግን ከታህሳስ 1 ጀምሮ ፈርሷል። ጥር 5 እንቁላል ብትወጣና ጥር 3 ግንኙነት ከነበረ ፅንስ ሊይዝ ይችላል። ባትፀንስ ኖሮ ጥር 19 ገደማ አበባ ታይ ነበር፤ አሁን ግን ምንም የተለየ ነገር አታይም። ድካሙን በሥራና በእንቅልፍ ማጣት ታሳብባለች፤ ምናልባት የምታውቀው ሚያዝያ መጨረሻ አካባቢ ፅንሱ ሲንቀሳቀስ ነው። ሁለተኛው ልጅ መስከረም መጨረሻ ገደማ፣ ታላቁ ዓመት ከሞላው ከ4 ሳምንት በኋላ ይወለዳል። ታህሳስ 1 ከመድረሱ በፊት መከላከያ ብትጀምር ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ስህተት 4፦ ከቤት የተገኘውን ኪኒን መዋጥ

መደበኛው ኪኒን ኤስትሮጅን ስላለው ወተት ሊቀንስ ይችላል፤ ለምታጠባ እናት እስከ 6 ወር አይመከርም። በፕሮጄስትሮን ዓይነት ሆርሞን ብቻ የተሠራው ኪኒን ይስማማታል፤ ነገር ግን በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መዋጥ አለበት፣ በተለይ ማጥባቱ ሲቀንስ። መርፌው ብዙውን ጊዜ ከ6 ሳምንት በኋላ ይሰጣል። በክንድ የሚቀበረው ከወሊድ በኋላ ወዲያው ሊደረግ ይችላል፤ ሉፕ ደግሞ በወለደች በ48 ሰዓት ውስጥ፣ ካልሆነም ከ4 ሳምንት በኋላ ይገባል። የትኛውንም ለመጀመር አበባ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። «አበባሽ ሲመጣ ተመለሺ» ተብላ የምትመለስ እናት እርጉዝ አለመሆኗ በጥያቄ ወይም በምርመራ ሊረጋገጥ እንደሚችል ተናግራ በዚያው ቀን እንዲሰጣት ትጠይቅ።

ስህተት 5፦ ምርመራን በማይሆን ጊዜ ማድረግ

ማጥባት የሽንት ምርመራን ውጤት አያዛባም። የሚያዛባው መቸኮል ነው፦ ከግንኙነት በኋላ በሳምንቱ የሚደረግ ምርመራ «የለም» ቢል ዋጋ የለውም። መከላከያ ከሌለው የመጨረሻ ግንኙነት 3 ሳምንት ቆጥሮ መመርመር ይሻላል። እርግዝና ከተገኘ፣ የመጨረሻ አበባ ቀን ስለሌለ የመውለጃ ጊዜ ከአበባ ሊሰላ አይችልም። ስለዚህ አልትራሳውንዱ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ቢደረግ ቀኑ በትክክል ይታወቃል፤ በዘገየ ቁጥር ስህተቱ ይሰፋል።

ስህተት 6፦ ማርገዟን ስታውቅ ልጁን በድንገት ጡት ማስጣል

የእርጉዝ ወተት ልጅን ያሳምማል የሚባለው እውነት አይደለም። እርግዝናው ጤናማ ከሆነ ማጥባት ይቻላል። ደም ከታየ፣ ወይም ካሁን በፊት ያለ ጊዜ መውለድ ከነበረ ግን ሐኪም ይጠየቅ። በእርግዝና ወተት ስለሚቀንስ፣ ከዓመት በታች ያለውን ልጅ ክብደቱን በየወሩ ጤና ጣቢያ ማስመዘን፣ ኪሎው ከቆመ ተጨማሪ ምግብ ወይም ወተት በባለሙያ ምክር መጀመር ነው።