የርዕስ ርዝመት እና የቁልፍ ሐረግ ቦታ፦ ስልክ ሳይቆርጠው እንዴት ይጻፋል?

የርዕስ ርዝመት ከ50 እስከ 60 ፊደል ይሁን የሚለው የተለመደ ምክር የተነሳው ከላቲን ፊደል ልኬት ነው። የፍለጋ ውጤት ገጽ ግን ርዕስን የሚቆርጠው ፊደል ቆጥሮ ሳይሆን በስክሪኑ ላይ የያዘውን ስፋት ለክቶ ነው፤ ጉግልም ለርዕስ ቋሚ የፊደል ገደብ የለውም። የእኛ ሆሄያት አብዛኞቹ ከላቲኖቹ ስለሚሰፉ፣ በአማርኛ ክፍት ቦታን ጨምሮ ከ35 እስከ 40 ሆሄ ማቀድ ይሻላል እላለሁ።

ከቁጥሩ ይልቅ የሚያስቸግረው የቋንቋው ሥርዓት ነው። አማርኛ ገላጩን አስቀድሞ ተገላጩን ስለሚያስከትል፣ አንባቢ የሚፈልገው ቃል በተፈጥሮው ወደ ኋላ ይገፋል። ለምሳሌ ይህን ርዕስ እንመልከት፦

«ማንኛውም ሰው በቤቱ ሆኖ በቀላሉ ሊሞክራቸው የሚችላቸው የተደፈነ ቧንቧ መክፈቻ መንገዶች»

ርዝመቱ 55 ሆሄ ስለሆነ በተለመደው የ50–60 ምክር ብቻ ለሚመዝን ሰው እንከን የለበትም። ነገር ግን «የተደፈነ» የሚለው ቃል የሚጀምረው በ36ኛው ቦታ ላይ ነው፤ በ35 ላይ በሚቆርጥ ስልክ የሚታየው «ማንኛውም ሰው በቤቱ ሆኖ በቀላሉ ሊሞክራቸው የሚችላቸው…» ብቻ ሲሆን፣ ስለ ቧንቧ አንድም ቃል የለበትም።

ለማስተካከል በመጀመሪያ አንባቢው ራሱ ፍለጋው ላይ የሚጽፈውን ሐረግ ለይተው ያውጡ፤ እዚህ ላይ «የተደፈነ ቧንቧ መክፈቻ» ነው። ቀጥለው ሐረጉን ከፊት አስቀምጠው በሁለት ነጥብ ከሰረዝ ይዝጉት፣ ገላጩንም ከኋላ ያስከትሉ፦

«የተደፈነ ቧንቧ መክፈቻ፦ በቤት የሚሞከሩ 3 መንገዶች»

አሁን ሙሉው ርዕስ 33 ሆሄ ሲሆን፣ ዋናው ሐረግ በ14ኛው ላይ አልቋል። በ20 ላይ የሚቆርጥ ጠባብ ስክሪን እንኳ ቁም ነገሩን አይነካውም። «ማንኛውም ሰው» እና «በቀላሉ» ወጥተዋል፤ ቢቆዩም የሚጨምሩት ነገር አልነበረም።

በተለይ ሊጠነቀቁት የሚገባው አሉታዊ ግሥ ነው። «የስልክ ባትሪን ሁልጊዜ መቶ በመቶ እስኪሞላ ቻርጅ ማድረግ አያስፈልግም» የሚለው ርዕስ መጨረሻው ሲቆረጥ ምክሩን ገልብጦ ያስነብባል። እንዲህ ያለውን «ባትሪን መቶ በመቶ አለመሙላት፦ ለምን?» ብሎ አሉታውን ወደ ፊት ማምጣት ያስፈልጋል። ተከታታይ ጽሑፎችም ከሆኑ የክፍሉ ቁጥር መጨረሻ ላይ አይቀመጥ፤ ሲቆረጡ ሁሉም አንድ ይመስላሉና።

በመጨረሻም ርዕሱን ወደ ራስዎ ስልክ ልከው፣ ጽሑፉ በሚታይበት ዓይነት ዝርዝር ውስጥ ያንብቡት፤ ከዚያም የስልኩን የፊደል መጠን አንድ ደረጃ አሳድገው እንደገና ይዩት። ከሦስቱ ነጥቦች በፊት ያለው ክፍል ብቻውን ስለ ምን እንደሆነ ካልተናገረ፣ ሐረጉ ገና ወደ ፊት አልመጣም ማለት ነው።